ኤስፕሬሶን በሰከንድ ቆጥሮ መድፋት ይቁም

«ከ25 ሰከንድ በታች ወይም ከ30 ሰከንድ በላይ የወጣ ኤስፕሬሶ ለደንበኛ አይቀርብም። ይደፋል።»

ይህ ማስታወቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ካፌ ከማሽኑ በላይ ተለጥፏል። ፎቶው ሰሞኑን ብዙ ሰው ጋ ደርሷል። አስተያየት የሰጡት አብዛኞቹ «ጥራት ማለት እንዲህ ነው» ብለው አጨብጭበዋል። እኔን ግን አናዶኛል። ይህ ትእዛዝ ደህናውን ቡና እያስደፋ መጥፎውን ያሳልፋል።

የደጋፊዎቹ ትልቁ መከራከሪያ «ሰዓት አይዋሽም፣ ምላስ ግን ከሰው ሰው ይለያያል» የሚል ነው። ሰዓቱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓምፑ ስንት ሰከንድ እንደሠራ። ስንት ግራም ቡና እንደገባ አያውቅም። ስንት እንደወጣም አያውቅም። ውሃው ቡናውን እኩል አርሶ ይለፍ ወይም በአንድ ቀዳዳ ይሹለክ፣ ለሰዓቱ ያው ነው። ደግሞስ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? አንዱ ባሪስታ ቁልፉን ሲጫን ይጀምራል። ሌላው የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ብዙ ሰከንድ አለ። ቡናውን ቀድሞ የሚያረጥብ ማሽን ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ማስታወቂያው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መነሻው ያልተነገረ 25 ሰከንድ ምን ዓይነት መለኪያ ነው?

«ጣሊያኖቹም 25 ሰከንድ ነው የሚሉት» የሚሉም አሉ። የጣሊያኑ መለኪያ ሰከንዱን ብቻውን አያቆመውም። ሰባት ግራም ቡና ይገባል፣ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል፣ ይህም በ25 ሰከንድ፣ አምስት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ችግር የለውም ይላል። ከ20 እስከ 30 ማለት ነው። የእኛው ካፌ የገባውንና የወጣውን ጥሎ ሰከንዱን ብቻ ወሰደ። እሱንም ከጣሊያኖቹ ይበልጥ አጠበበው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንቅረብ። ቀለል ብሎ የተቆላ፣ የታጠበ ይርጋጨፌ እንውሰድ። ባሪስታው 18 ግራም ይመዝናል፣ ይጠቀጥቃል፣ ከስኒው ሥር ሚዛን አድርጎ 36 ግራም ሲሞላ ያቆማል። ሰዓቱ 28 ይላል። በማስታወቂያው ሕግ ይህ ስኒ እንከን የለውም። ቅመሱት። ጥርስ ያጠርሳል። ጎምዛዛ ነው፣ ከጀርባው ጣፋጭነት የለም፣ ጣዕሙም ከአፍ ቶሎ ይጠፋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቀለል ብሎ የተቆላ ፍሬ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃው ከውስጡ ጣዕሙን በቀላሉ አያወጣም። ኮምጣጣው ቀድሞ ይወጣል፣ ጣፋጩ ይዘገያል። እዚህ ስኒ ውስጥ ጣፋጩ ገና አልደረሰም።

እንግዲህ ባሪስታው ምን ያድርግ? በእጁ ሦስት ነገር አለ፤ አፈጫጨቱ፣ የሚገባው ቡና እና የሚወጣው ቡና። የሚገባውን 18 ላይ ይተወው፣ ምክንያቱም ማጥለያው የተሠራው ለዚያ መጠን ነው። አፈጫጨቱንም አይንካ። የሚወጣውን ብቻ ከ36 ወደ 45 ግራም ያሳድገው። ተጨማሪው ውሃ የቀረውን ጣፋጭ ይዞ ይወርዳል። አሁን ቅመሱት። ኮምጣጣነቱ ወደ ሎሚና ወደ አበባ ሽታ ይለዝባል፣ ጣፋጩ ይመጣል። ትንሽ ይቀጥናል፣ እሱ ይጠበቃል። ሰዓቱስ? 33 ሰከንድ ገደማ። በማስታወቂያው ሕግ ይህ ስኒ ይደፋል!

አሁንም ትንሽ ከኮመጠጠ፣ የሚወጣው 45 ላይ ይቆይና አፈጫጨቱ አንድ እርከን ይድቀቅ። መፍጫው ሲነካ የበፊቱ ዱቄት ውስጡ ስለሚቀር ጥቂት ግራም ፈጭቶ መጣል ያስፈልጋል። አለዚያ የሚቀመሰው የድሮው አፈጫጨት ነው። ድቀቱም ገደብ አለው። ከልክ ሲያልፍ ውሃው ቡናውን ማለፍ ያቅተውና ደካማ ቦታ ፈልጎ ይሰነጥቀዋል። በዚያች ስንጥቅ ዙሪያ ያለው ቡና ተሟጦ ይመራል፣ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። አንድ ስኒ በአንድ ጊዜ የሚኮመጥጥም የሚመርም ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ዓይንም ያየዋል። ቡናው ሲወርድ በአንድ በኩል ነጣ ያለ ቀጭን ጅረት ይፈናጠራል፣ አተላው ሲራገፍ ቀዳዳ ይታይበታል። እንዲህ የተበላሸ ስኒ 27 ሰከንድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሕጉም ያሳልፈዋል።

ለማኪያቶ የሚሆነውን ጠቆር ያለ ቡና ደግሞ እዩት። ብዙ የተቆላ ፍሬ ተሰባሪ ነው፣ ጣዕሙን ቶሎ ይለቃል። 18 ግራም ገብቶ 32 ግራም በ23 ሰከንድ ቢወጣ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ወተት የሚችል ቡና ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ሁለት ሰከንድ ጎደለ ብሎ ያስደፋዋል። ባሪስታው ሁለቷን ሰከንድ ለማግኘት አድቅቆ ቢፈጭ ምሬት ይጨምራል፣ ደንበኛው ስኳር ይጠይቃል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሕጉ ባሪስታውን ወደ ማታለል መግፋቱ ነው። ቡናው ፈጠነበት እንበል። ወረፋው ረዝሟል፣ መፍጫውን ለማስተካከል ጊዜ የለውም። 18 የነበረውን 20 ግራም ያደርገዋል። ብዙ ቡና ውሃውን ያዘገያል፣ ሰዓቱም ወደ 28 ይመለሳል። ማጥለያው ግን ከልኩ በላይ ሞልቷል። ቡናው ሲያብጥ ከላይ ካለው የውሃ ወንፊት ጋር ይላተማል፣ ውሃው እኩል አይሰራጭም፣ ለእያንዳንዱ ስኒም ሁለት ግራም ቡና ያለጥቅም ይሄዳል። ቡና በዚህ ዋጋ እየተገዛ! ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ ይደሰታል። ቀምሶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጉንጭ ይነቃ ነበር። ወጥ የምትሠራ እናት ሰዓት አይታ ጨው አትጨምርም፤ ትቀምሳለች።

ሰዓት ቆጣሪው ከማሽኑ ይነቀል አላልኩም። አንድ ጥሩ ሥራ አለው። የገባውና የወጣው ግራም ሳይለወጥ ትናንት 33 ሰከንድ የነበረው ዛሬ 24 ከሆነ አንድ ነገር ተቀይሯል። ምናልባት ቡናው ከተቆላ ሰንብቶ ጋዙ አልቋል። ምናልባት መፍጫው ሞቋል። ምናልባት አንድ ሰው መፍጫውን ነክቶታል። ሰዓቱ «ቅመስ» ይላል። ከቀመሱ በኋላ ጥሩ ከሆነ ይቀርባል፣ 24ም ቢሆን።

ካፌው ወረቀቱን ያንሳ። በምትኩ ለእያንዳንዱ ቡና የሚገባውን ግራምና የሚወጣውን ግራም ይጻፍ፣ ሰከንዱን ከሥር በትንሹ «ገደማ» ብሎ ያስፍር። በየቡና ማሽኑ ሥር አንድ ሚዛን ይግዛ። ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት ባሪስታው እንዲቀምስ ጊዜ ይስጠው፣ ከሰዓት በኋላም ይድገምለት። ይደፋ ወይስ ይቅረብ የሚለውን የሚወስነውም የቀመሰው ባሪስታ ይሁን።