የቡድን ብድር ዋስትና
«አንዷ ሳትከፍል ብትቀር ሌሎቹ ለምን ይቀጣሉ?»

በቡድን ብድር ተበዳሪዎቹ እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ፤ ለመያዣ የሚሆን ቤት የላቸውምና፤ አበዳሪው ተቋምም ማን ሠርቶ እንደሚከፍል አያውቅም። ጎረቤት ግን ያውቃል። ስለዚህ ቡድኑን የሚመሠርቱት ራሳቸው ናቸው፤ የማያምኗትን አያስገቡም። አምስት ሴቶች እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ተበደሩ እንበል። አንዷ 4,000 ብር ሲቀራት ብታቋርጥ አራቱ አንድ አንድ ሺህ ይሸፍኑላታል፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ብድር ለሁሉም ይዘጋል።

ይህ የሚሠራው ችግሩ የአንድ ሰው ሲሆን ነው። ድርቅ የሁሉንም ማሳ በአንድ ጊዜ ሲመታ ዋሷም ባዶ እጇን ናት፤ ላሟን ሸጣ የሌላዋን ዕዳ እንድትከፍል ትገደዳለች። ይህ እጅግ ያሳስበኛል። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ተበዳሪዎችን በአምስት በአምስት ቢያደራጅም፣ አንዱ የሌላውን ዕዳ እንዲከፍል በደንቡ አያስገድድም። እኛም ዘንድ በድርቅ ዓመት ቢያንስ የመክፈያው ጊዜ ሊራዘም ይገባል።