ይህን የመልስ ወረቀት የሚቀድልኝ ማን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ከገባችሁ አንድ የካልኩለስ መልመጃ ከነመልሱ ታገኛላችሁ። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም፤ ስምም ቀንም የለውም። ከኮፒ ላይ ኮፒ እየተነሣ ፊደሉ ደብዝዟል፣ ስህተቱ ግን እንደ ጎላ አለ። የማስጠናቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ይዘውት ይመጣሉ። ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ፣ ላቤን ጠርጌ «92,363 ጁል» ስል አንዱ ወረቀቱን ይገልጥና «መምህር፣ እዚህ ላይ ግን 184,726 ነው የሚለው» ይለኛል። ከዚያ በኋላ ተከሳሹ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ታትሟላ!

ጥያቄው ይህ ነው። የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበት፣ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ሹል የሆነ ጉድጓድ አለ፤ የተገለበጠ ኮን ማለት ነው። ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ የአፉ ራዲየስ 2 ሜትር። እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃውን በሙሉ ስቦ እስከ አፉ ለማድረስ ስንት ጁል ሥራ ይጠይቃል?

ወረቀቱ በሁለት መስመር ይገላገለዋል። በመጀመሪያ የውሃውን ክብደት 123,150 ኒውተን ይላል። እሺ፣ ይህ ልክ ነው፤ ውሃው 12.57 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ አንዱ ሜትር ኩብ ደግሞ 9,800 ኒውተን ይመዝናል። ቀጥሎ «አማካይ ርቀቱ የ3 ሜትር ግማሽ፣ 1.5 ሜትር ስለሆነ» ይልና ያባዛል። አለቀ! የምን አማካይ ነው እርሱ? የጉድጓዱ ጥልቀት እኩሌታ 1.5 ሜትር ነው፤ ውሃው ግን እኩሌታው ላይ አልተቀመጠም። ጉድጓዱ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ አብዛኛው ውሃ አፉ አጠገብ ነው፣ አጭር መንገድ ብቻ ነው የሚጓዘው። ግድግዳው ቀጥ ያለ በርሜል ቢሆን ኖሮ የወረቀቱ ስሌት ይሠራ ነበር። ሰውየው በርሜል ሠርቶ የኮን ሥዕል ለጥፎበታል።

ውሃውን በስሱ መቁረጥ የመጣው እኮ ለዚሁ ነው። እያንዳንዱ የውሃ ጠብታ የሚጓዘው ርቀት ይለያያል፤ የላዩ ምንም አይጓዝም፣ የታቹ 3 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ጠቅላላውን ክብደት በአንድ ርቀት ማባዛት አይቻልም። ውሃውን በአግድም ቆራርጠን እንደ ተደራረበ እንጀራ ብናስበው ግን አንዷ ስስ ንብርብር ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ የሚጓዘው ርቀት አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ከሹሉ ጫፍ ተነሥተን ከፍታውን y ካልነው፣ እዚያ ያለችው ንብርብር ራዲየሷ 2y/3 ነው፣ ውፍረቷ dy ነው፣ እስከ አፉ የሚቀራት ደግሞ 3 − y ሜትር ነው። ክብደቷን በርቀቷ አባዝቶ፣ ሁሉንም ከ0 እስከ 3 መደመር ነው፦

W = 9800π · (4/9) · ∫₀³ y²(3 − y) dy = 9800π · (4/9) · 6.75 ≈ 92,363 J

ወረቀቱ ከሰጠው መልስ ልክ ግማሹ። ለክብደቱ ብናካፍለው የውሃው እውነተኛ አማካይ ርቀት 0.75 ሜትር ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን።

«ኢንተግራሉን አላምነውም» የሚል ተማሪም ገጥሞኛል፤ ወረቀቱን ያምናል፣ ኢንተግራሉን አያምንም! እንዲህ ላለው ኢንተግራሉን ትቼ ጉድጓዱን ሦስት ቦታ ብቻ አስቆርጠዋለሁ፤ አንድ አንድ ሜትር ውፍረት። የእያንዳንዱን ቁራጭ ራዲየስና ርቀት ከመካከሉ ወስዶ ሲያሰላ 97,494 ጁል ይመጣል። ቁራጮቹን ግማሽ ግማሽ ሜትር አድርጎ ስድስት ሲያደርጋቸው 93,646 ይሆናል። እየሳሱ በሄዱ ቁጥር መልሱ ወደ 92,363 ይጠጋል እንጂ ወደ 184,726 ዞሮም አያይም። ሦስት ወፍራም ቁራጭ እንኳን ያንን ወረቀት ያጋልጠዋል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ወረቀቱ የቀበረው ነገር ነው። የጉድጓዱን የታችኛውን 1.5 ሜትር ብቻ እንይ። ራዲየሱም ቁመቱም በግማሽ ስለሚያንስ እዚያ ያለው ውሃ ከጠቅላላው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ሥራውስ? ያንኑ ኢንተግራል ከ0 እስከ 1.5 ስንወስደው 28,863 ጁል ይሰጠናል፤ ከጠቅላላው 31 በመቶ በላይ ማለት ነው። አንድ ስምንተኛው ውሃ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ጉልበት ይበላል! በባልዲና በገመድ ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው የመጨረሻዎቹ ባልዲዎች እንዴት ክንድ እንደሚቆርጡ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የተለወጠው የኢንተግራሉ ወሰን እንጂ ርቀቱ አይደለም፤ ውሃው ግማሽ ድረስ ቢሆንም መውጣት ያለበት እስከ አፉ ነውና ርቀቱ 3 − y እንደሆነ ይቀራል። ወረቀቱን የሸመደዱት ልጆች 1.5 − y ብለው ይጽፋሉ፤ ውሃው ከውሃው ወለል ላይ ተንሳፍፎ እንዲቀር ማለት ነው። ውሃው ከአፉ 2 ሜትር ከፍ ወዳለ ሮቶ የሚገባ ከሆነም ርቀቱ 5 − y ይሆናል፤ ይህን ጊዜ ሥራው ወደ 338,664 ጁል ይዘላል፣ ምክንያቱም አሁን ሁለቱን ሜትር ውሃው በሙሉ ሊጓዛቸው ነው።

የሞላውን ጥያቄማ አታንሡብኝ። አንድ የብረት ሞላ በ40 ኒውተን 10 ሳንቲ ሜትር ይለጠጣል። ወረቀቱ የመጀመሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ለመለጠጥ 2 ጁል ይልና፣ ለሚቀጥለው 10 ሳንቲ ሜትርም «በተመሳሳይ 2 ጁል» ይላል። ሞላው እየተለጠጠ ሲሄድ የሚጠይቀው ኃይል ከ40 ወደ 80 ኒውተን እያደገ ነው፤ ሁለተኛው ዙር 6 ጁል ነው የሚፈልገው። እዚህ የምንቆርጠው ዕቃውን ሳይሆን መንገዱን ነው፤ በእያንዳንዷ ስስ እርምጃ ውስጥ ኃይሉ አንድ ነው እንላለን። በጉድጓዱ የሚለዋወጠው ርቀቱ ነበር፣ በሞላው ግን ኃይሉ ነው። ይህን አንድ ልዩነት ለመጻፍ ግማሽ መስመር ይበቃ ነበር።

የመጨረሻዋን ጥያቄ ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። «ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚገኝ 9 ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ ጉድጓድ በላዩ በተተከለ መምጠጫ ፓምፕ ባዶ ይሆናል» ትላለች። ጎበዝ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው! መምጠጫ ፓምፕ ውሃ የሚያወጣው ውጭ ያለው አየር ውሃውን ወደ ቱቦው ስለሚገፋለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያ ግፊት ቢበዛ 10.3 ሜትር ያደርሰዋል፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከ7.3 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የውሃው ወለል ከዚያ በታች ሲወርድ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃው ግን አይወጣም። ኢንተግራሉ ይህን አያውቅም፤ ክብደትና ርቀት ከሰጡት ያባዛል፣ ይደምራል። ፓምፑን ታች ውሃው ውስጥ ማጥለቅ እንደሚያስፈልግ ማወቅ የነበረበት ጥያቄውን ያወጣው ሰው ነው። እርሱ ግን የማይወጣውን ውሃ ሥራ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አኃዝ ድረስ አስልቶ አስቀምጦልናል።