«ቀውጢ» ሲደክም «ቀወጠው» ለምን ተረፈ?

«የዘንድሮ ልጆች አማርኛውን ጨረሱት፤ የሚሉት ነገር አይገባም።»

ይህን የሚለው ትውልድ ራሱ «ፋዘር»፣ «ማዘር»፣ «ጀለስ» እያለ ያደገ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ከሚያመጡት ቃል ሁሉ ጥቂቱ ብቻ ይተርፋል። ሌላው በሦስት በአራት ዓመት ድምጥማጡ ይጠፋል። ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ በዕድል የሚሆን አይመስለኝም።

ቶሎ የሚያልቁት የማድነቂያ ቃላት ናቸው። «ቀውጢ»ን ውሰዱ። በመጽሐፍ አማርኛ «ቀውጢ ቀን» ማለት የጭንቅ ቀን ነው። ልጆቹ ገለበጡትና የደመቀ ድግስ ስም ሆነ። ከዚያ ጫማውም ቀውጢ፣ ዘፈኑም ቀውጢ፣ ሽሮውም ቀውጢ ሆነ። ሁሉም ነገር ቀውጢ ከሆነ ቃሉ ምን ቀረው? ልክ እንደ ብር ነው፤ ሲበዛ የመግዛት አቅሙ ይወርዳል። ስለዚህ «ያበደ» የሚል ሌላ መጣ። እሱም ተራውን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ገዳይ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አንዲት እናት ከሥራ ገብታ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጇ «ፈታ በይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» ትላታለች። ልጅቷ ፊቷን በትራስ ሸፍና «እማዬ፣ እሱን አትበይ በናትሽ!» ትላለች። እናትየው ምንም አላጠፋችም። ግን የሰፈር ቋንቋ ግማሽ ሥራው ማን የኛ፣ ማን የኛ እንዳልሆነ መለየት ነው። እናት የምትለው ቃል ይህን ሥራ መሥራት አይችልም። የሬዲዮ አቅራቢና የማስታወቂያ ሠሪ ሲጨመሩበትማ ልጆቹ ቃሉን ጥለው ላሽ ይላሉ።

ድሮ ቃሉ እዚህ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ከመርካቶ ወይም ከፒያሳ ይነሳል፤ ወያላው ቀኑን ሙሉ እየጠራበት ታክሲ ተራ ለታክሲ ተራ ያዞረዋል። ተማሪው ይሰማውና ክፍል ይዞት ይገባል። ክፍለ ሀገር የሚያደርሰው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ጎንደር ወይም ጅማ ይደርሰዋል፤ ዶርም ውስጥ ከሐዋሳውና ከደሴው ልጅ ጋር ይከርማል። ያ የደሴ ልጅ ለእረፍት ሲመለስ ለታናናሾቹ ቃሉን ይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የተጣለ ቃል እዚያ ገና ትኩስ የሚሆነው ለዚህ ነበር። አሁን በቲክቶክ ማታውኑ ደሴም ዋሽንግተንም ይደርሳል። ግን እናትየውም ቲክቶክ አላት። የቃሉ ዕድሜ ያጠረው በዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ የሚተርፈው የትኛው ነው? በእኔ እይታ ግስ መሆን የቻለው ነው። «ጀነጀነ»ን እዩት፤ ይጀነጅናል፣ ተጀናጀኑ፣ ጀንጃኝ። «ፎገረ»ም እንደዚያው ነው፤ ተፎገርኩ፣ ፎጋሪ፣ ፉገራ። «ሸቀለ» ደግሞ «ሸቃይ» ይሆናል፣ ልክ «ነቀለ» «ነቃይ» እንደሚሆነው። ማንም ሰዋስው አላስተማረውም፤ የአማርኛን መንገድ ራሱ አገኘው። እንዲህ የረባ ቃል አንዱ መልኩ ቢሰለች በሌላው ይኖራል።

እዚህ ያልደረሱት በ«አለ» ተደግፈው ይቆማሉ፤ ላሽ አለ፣ ከች አለ፣ ፏ አለ። የእንግሊዝኛዎቹ ደግሞ «አደረገ»ን ይይዛሉ፤ «ብሎክ አደረገችኝ» እንደሚባለው። እነዚህም የሚበረቱ አሉ። ብቻውን የሚባል፣ ምንም የማይጨመርበት መልስ ግን ቀድሞ ይሄዳል።

ሕጉ ሁሌ አይሠራም። «ፋራ» ግስ ሳይሆን ስንት ትውልድ አለፈ። እሱን ያኖረው «አራዳ» ይመስለኛል፤ አንዱ እስካለ ሌላው ያስፈልጋል። «ሿሿ»ም አለ። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በሉ፣ እዚህ ተቀመጡ» እያሉ አዋክበው ስልክ የሚወስዱበት ስርቆት ነው። ፖሊስም ጋዜጠኛም ቃሉን አንስቶታል። በእኔ ሒሳብ ልጆቹ ወዲያው ሊጥሉት ይገባ ነበር። እነሱ ግን አሰፉት፤ ቀጥራው የቀረች ልጅ «ሿሿ ሠራችኝ» ተባለች። ለዚያ ስርቆት ሌላ አጭር ስም የለማ!

ወደ «ቀውጢ» ልመለስ። ዛሬ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፊት «ቀውጢ ነው» ብትሉ እንደ ሼባ ያያችኋል። ግን እሱው ራሱ ስለ ትናንቱ ሠርግ ሲያወራ «ዲጄው ቀወጠው» ይላል። ሰፈሩ ሲታመስም «ተቀወጠ» ይላል። ቅጽሉ አረጀ፣ ግሱ አላረጀም። «ያበደ»ንም የምጠረጥረው በዚሁ ነው፤ «አበደ» ድሮም የራሱ ትርጉም ያለው ግስ ስለሆነ ለአድናቆቱ አዲስ ግስ ማውጣት ይከብደዋል።