ቁስሉን ተዉት፣ ዙሪያውን እዩ

«ሲስተር፣ አባዬ ገብስ ሲያጭድ ማጭዱ እግሩን ጫር አድርጎት ነበር። ቁስሉ ትንሽዬ ናት። አሁን ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጣ። ካፕሱል ፈተን ነስንሰንበታል። ይበቃዋል ወይስ ሐኪም ቤት ይሂድ?»

አይበቃም። ዛሬውኑ ይሂዱ።

ልጅቷ የደወለችልኝ ኅዳር ላይ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ የመንዝ ቀበሌ ነው። ንፍፊቱ ብቻውን አልነበረም ያስደነገጠኝ። የእግር ቁስል ትንሽም ቢሆን ብሽሽት ላይ ንፍፊት ሊያወጣ ይችላል፤ ሰውነት ጀርሙን እየታገለ ነው ማለት ነው። ያስደነገጠኝ ቀጥዬ ለጠየቅኳት የሰጠችኝ መልስ ነው።

«የእጅሽን ጀርባ በሁለቱም ባቶቹ ላይ አሳርፊና ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ቁስል ያለበት ይፋጃል» አለች። ትናንት እብጠቱ የት ድረስ ነበር? ቁርጭምጭሚት። ዛሬስ? ከጉልበት በታች እኩሌታው ላይ ደርሷል። ማታስ እንዴት አደሩ? «ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ባና ደረብንለት። ብርዱ ነው ብለን።»

የመንዝ ኅዳር ብርድ የታወቀ ነው፤ ማንም ቢንቀጠቀጥ ማንም አይደነቅም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የብርድ መንቀጥቀጥ ባና ሲደረብበት ይተዋል። የኢንፌክሽን መንቀጥቀጥ ግን አይተውም። ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ትንሽ ቆይቶ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ከዚያ ላብ በላብ ያደርጋል። ቁስል ያለበት ሰው እንዲህ ካደረገው ጀርሙ ከቁስሉ አልፎ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ነገ ጠዋት እናየዋለን አይባልም።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። እኛ ቁስሉን አብዝተን እናያለን። መግል አለው? ከፍቷል? ደርቋል? እንላለን። ቁስሉ ግን ትንሽ ነገር ነው የሚነግረን። ወሬው ያለው ዙሪያው ላይ ነው።

ብጉንጅን እንውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባል ጀርም ነው። ሰውነት ዙሪያውን አጥር ያጥርበታል፣ ውስጡ መግል ይቋጥራል። ያማል፣ ያብጣል፤ ግን እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ብጉንጅ ትኩሳት ከሌለውና ዙሪያው ካልሰፋ ብዙ ጊዜ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት አያስፈልገውም። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይያዝበት። ካልፈነዳ ጤና ባለሙያ ይቅደደው። ኪኒን የተቋጠረ መግል ውስጥ በደንብ አይገባም፤ መግሉ ራሱ መውጣት አለበት። በጥፍር መጭመቅ ግን አጥሩን ማፍረስ ነው። በተለይ አፍንጫና የላይኛው ከንፈር አካባቢ ያለውን በፍጹም አትንኩት። የዚያ ቦታ ደም ሥሮች ወደ ጭንቅላት ውስጥ ይዘልቃሉ።

አጥር የማይበግረው ሌላ ጀርም አለ፤ ስትሬፕቶኮከስ። እሱ መግል ሳይቋጥር በቆዳ ሥር እየተስፋፋ ይሄዳል። የልጅቷ አባት እግር ላይ የሆነው ይህን ይመስላል። ቁስሉ ደረቅ ነበር። ቤተሰቡም የተዘናጋው ለዚህ ነው፤ «መግል የለውማ» እያሉ።

ሌላም የሚያዘናጋ ነገር አለ። በየፖስተሩ ላይ «ከቀላ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» ይባላል። የኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላት ሁልጊዜ አይታይም። የባሰ ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ይወጠርና ያብለጨልጫል። ስለዚህ ዓይን አትመኑ፣ እጅ እመኑ። ይሞቃል? ይጠጥራል? ከዳር ሲነካ ያማል? ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ብሽሽት ወይም ወደ ብብት እንደ ክር የሚሄድ የሚያም መስመር አለ? መስመሩ ካለ ሰዓት አትቁጠሩ፣ ሂዱ።

ለሚያጠራጥረው ደግሞ ከእስክሪብቶ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ሙቀቱና እብጠቱ የሚያበቃበትን በጣት ፈልጋችሁ ዙሪያውን አስምሩት። አጠገቡ ሰዓቱን ጻፉ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ እዩት፣ በነጋታው ድገሙት። መስመሩን ካለፈ እየተስፋፋ ነው። እንግዲህ ይህ ትኩሳት ለሌለው፣ ደህና ለሚበላ ለሚጠጣ ሰው ነው። ስኳር ያለበት ሰው፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነ መስመር አስምሮ መጠበቁን ትቶ ቶሎ መታየት ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ሕመሙ ከሚታየው በላይ ከሆነ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈለግ። ሰውየው ከቃዠ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሽንቱ ካነሰም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ካፕሱሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ልማድ አልወደውም። ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይጋገርና ቅርፊት ይሠራል፤ ሥሩ የሚሆነውን ይሸፍናል። ጀርሙ ደግሞ ቆዳው ሥር ነው ያለው፣ ዱቄቱ አይደርስበትም። «ሽታ መትቶት ነው» እየተባለ የሚያልፈው ሁለት ቀንም አለ። ሽታውን የሚፈራ ሰው ቁስሉን ቢሸፍን ደግ ነው፣ ግን የሽታ ወሬ ሕክምናውን ባያዘገየው።

የአባትየው ካፕሱል አሞክሳሲሊን ነበር። «ለቁስል» ተብሎ ያለ ማዘዣ ከአንድ መድኃኒት ቤት የተገዛ፣ አራት ፍሬ። ሁለቱን ነሰነሱ፣ ሁለቱን አባትየው ዋጡ። እንዲህ ያለ ቁስል ውስጥ ስታፊሎኮከስም ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው ስታፊሎኮከስ ደግሞ አሞክሳሲሊንን የሚሰብርበት መላ አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ክሎክሳሲሊን ነው፤ በየስድስት ሰዓቱ፣ በባዶ ሆድ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ይህን የጻፍኩት ሄዳችሁ እንድትገዙት አይደለም፤ አራት ፍሬ ለምን እንደማይሠራ እንዲገባችሁ ነው። ሁለቱም የፔኒሲሊን ወገን ስለሆኑ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሳይጠየቅም መናገር አለበት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ትኩሳታቸው 39 ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር ተጀመረላቸው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ተወጉ። በመጀመሪያው ቀን እብጠቱ በእስክሪብቶ የተሰመረውን መስመር ትንሽ አለፈ። ልጅቷ እየጮኸች ደወለች። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ እስከ አንድ ቀን ትንሽ ሊገፋ እንደሚችል ነገርኳት፤ ጀርሙ ቢመታም ቆዳው የተቆጣው ቶሎ አይበርድም። ቁም ነገሩ ትኩሳቱ ነው። በሁለት ቀን ካልወረደ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይራል፣ ወይም የተደበቀ መግል ይፈልጋል። የሳቸው በሁለተኛው ማታ ወረደ።

በአራተኛው ቀን ፎቶ ላከችልኝ። ባታቸው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሦስት መስመር አለ። ከጉልበት በታች ያለው «ሰኞ ማታ» ይላል። ዝቅ ብሎ «ረቡዕ»። የመጨረሻው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ነው፤ «ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት»። ከሥሩ ጽፋለች፦ «ክምሩን ማን ወጣበት እያለ ነው።»