ለሲስተር የሚቀመጠው ወረቀት የማዘዣ ግልባጭ አይሁን

«እናታችን ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ሲስተር ረቡዕና ቅዳሜ ጧት ቤት እየመጣች ታያቸዋለች። የሚወስዱትን መድኃኒት ከማዘዣው ገልብጠን ብናስቀምጥላት አይበቃም?» ከደብረ ማርቆስ

አይበቃም። ማዘዣው የሚናገረው ሐኪሙ ያዘዘውን ነው። ሲስተር ደጃፍ ስትረግጥ የምትፈልገው ደግሞ ዛሬ ጧት በእርግጥ የተወሰደውን፣ የተወሰደበትን ሰዓትና እህል የተቀመሰ መሆን አለመሆኑን ነው። ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ቤት ጥቂት ነው። በተለይ ስኳር ላይ ልዩነቱ ሰው ይጥላል።

ለምሳሌ ያህል እናትየው ጧት 1 ሰዓት ላይ 16 ዩኒት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ 8 ዩኒት ኤንፒኤች ኢንሱሊን (ደፍረስ ያለውን ማለት ነው) ይወጋሉ እንበል። ከቁርስና ከእራት ጋር 500 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን፣ ጧት ለግፊቱ 5 ሚሊ ግራም ኢናላፕሪል አላቸው። ቅዳሜ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ በሉ። ሲስተር 3 ሰዓት ላይ መጥታ ስትለካ 210 አገኘች። ቁርሱ መቼ እንደተበላ ካልተጻፈላት በባዶ ሆድ የተለካ ሊመስላትና ኢንሱሊኑ አነሰ ብላ ለሐኪሙ ልትነግር ትችላለች። እህል ከተበላ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆነው ነው፤ ከፍ ቢልም ለዚያ ሰዓት የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም።

ረቡዕ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እሳቸው የሚጾሙ ናቸው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምሱም። ኢንሱሊኑን ግን ልጃቸው እንደ ልማዱ 1 ሰዓት ላይ ወግታቸዋለች። ሲስተር ስትለካ 95 ይወጣል። የሚያምር ቁጥር ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ኤንፒኤች ከተወጋ በግምት ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ጉልበቱ የሚበረታው። ጧት 1 ሰዓት የተወጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ስኳሩን ወደ ታች ይጎትታል፤ እሳቸው እስከ 9 ሰዓት ሆዳቸው ባዶ ነው። ሲስተር 95 መዝግባ፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተወላገደ ቢባል ምን ይገርማል?

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቱ ስም በፊት የሚጻፈው የቤቱ አመጋገብ ነው፦ «ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት አይበሉም፤ በፍልሰታና በዐቢይ ጾም በየቀኑ እንዲሁ።» ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች፣ የንስሐ አባትም ይፈታሉ፤ ጎጃም ውስጥ ግን ይህን እሺ ብለው የሚቀበሉ ስንት እናቶች አሉ? «አትጹሙ» ብሎ ከመከራከር ጾሙን ጽፎ ለሲስተር ማሳየት ይሻላል። እሷ ለሐኪሙ ታደርሰዋለች፤ የጾም ቀን መጠንና ሰዓት ከእሱ ይመጣል። በራስ ግምት መቀነስም መዝለልም አይገባም። ጸበል የሚጠጡበት ቀን ካለ፣ ፌጦም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት ካለ በዚያው ይጻፍ። ካልተጻፈ ማንም አይጠይቅም፤ ቢጠየቁም «ኧረ የለም» ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓቱ ነው። የሆስፒታል ወረቀት «8፡00» ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ጧት 2 ሰዓት። ቤት ያለችው ልጅ ስታነበው ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆንባታል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት የታዘዘ መድኃኒት አንዱ ምሳ ላይ፣ አንዱ እራት ላይ ሊወድቅ ነው። ሲስተርም ራሷ በሥራ ቦታዋ በፈረንጅ ሰዓት መመዝገብ የለመደች ልትሆን ትችላለች። ቁጥር ብቻውን አይጻፍ፦ «ጧት 1 ሰዓት»፣ «ማታ 1 ሰዓት» ይባል፤ ከማዘዣው የተወሰደውም በአንድ ቋንቋ ይስተካከል። ሌሊት የሆነ ነገር ካለ «ሐሙስ ሌሊት» አይበቃም፤ ለሐሙስ አጥቢያ ነው ወይስ ለዓርብ አጥቢያ? ቀኑም እንዲሁ ነው። ብልቃጡ የተከፈተበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ ከተከፈተ ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ ኢንሱሊን ጉልበቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ ስኳሩ ያለምክንያት ሲወጣ ሲስተር መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ፋብሪካው ብልቃጡ ላይ ያተመው የማብቂያ ዓመት ግን የፈረንጅ ነው። 2026 የሚለውን በእኛ ያነበበ ሰው ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል።

መርፌው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ብዙ ቤት «ስምንተኛው መስመር ድረስ ሳቢ» ተብሎ ነው የሚነገረው። መቶ ዩኒት በሚይዘው የኢንሱሊን ስሪንጅ አንዷ ትንሽ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 2 ዩኒት ናት፤ ስምንት መስመር 16 ይሆናል። ፋርማሲው ሃምሳ የሚይዘውን የሰጠ ቀን ግን አንዷ መስመር 1 ዩኒት ናት፤ ያው ስምንት መስመር ግማሹን ብቻ ይሰጣል። መስመር አትጻፉ፤ «16 ዩኒት፣ በመቶው ስሪንጅ» ብላችሁ ጻፉ። «ዩኒት» የሚለውም ሙሉውን ይጻፍ። በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ካጠረ ፊደሏ ዜሮ ትመስላለች፤ 16ቱ 160 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ኪኒኑም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ባለ 5 ኢናላፕሪል ጠፍቶ ባለ 10 ከተሰጣችሁ «10 ሚሊ ግራም፣ ግማሽ ፍሬ» ተብሎ ይስተካከል፤ የድሮው ፓኬት ከሳጥኑ ይውጣ። አለበለዚያ አንዱ ልጅ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ ይሰጣል።

ምልክት የሚደረገው መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ ነው፤ ያቀረበው ሰው ስሙን ያኖራል። ካልተወሰደ ባዶ አይተው፤ «አልወሰዱም፣ አስመለሳቸው» ይባል። ባዶ ቦታ ለሲስተር ምንም አይነግራትም፦ ተረስቶ ነው፣ ተሰጥቶ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው? የማታውን ሁሉ በአንድ ላይ ጧት የሚሞላ ቤትም አለ። እንዲህ ያለው ወረቀት ባይኖር ይሻል ነበር፤ ሲስተር አምናበት ትወስናለችና።

የወረቀቱ ጀርባ ስኳር ለወረደባቸው ቀን ነው፤ አንዱ ዓምድ ለቀኑና ለሰዓቱ፣ አንዱ ለቁጥሩ፣ አንዱ ለተሰጠው ነገር። ከላዩ ላይ ይህ ይጻፍ፦ ከ70 በታች ከሆነና ራሳቸውን ካወቁ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ካልወጣ ይደገም። ሲወጣ እህል ይቅመሱ፤ የጾም ቀንም ቢሆን። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በጎን አስተኝቶ መኪና መጥራት ነው።