ሳይከፈት የሚቆጠር ሳጥን

ደሴ ጠዋት ጠዋት ጉም ነው። ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ግቢው ውስጥ የቆመው አምቡላንስ እንኳ አይታይም። በዚህ ጉም መሀል፣ ሁለት ቁልፍ የተቆለፈበት የብረት ሳጥን ውስጥ ፔቲዲን የተባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ስንት እንዳለ ከውጭ ቆመው የሚያዩ ሰዎች አሉ። እኛ ነን፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች። የሆስፒታላችን ስም ይቅርብኝ፣ ጉራ ይመስላል።

ደንቡን ያወጣው ሰው ይህን ችሎታችንን አያውቅም ነበር መሰለኝ። ተረኛ ሲቀየር ወጪውና ገቢው ነርስ ሳጥኑ ፊት አብረው ይቁሙ ይላል። ገቢው አምፑሎቹን፣ መድኃኒቱ ያለባቸውን ትንንሽ ብርጭቆዎች፣ እያወጣ ይቁጠር፤ ወጪው መዝገቡን ይዞ ዝም ይበል። ዝም የሚለው ለምን መሰላችሁ? ዘጠኝ ነው ተብሎ የተነገረው ሰው ስምንቱን ዘጠኝ አድርጎ ይቆጥራላ። ከዚያ ፔቲዲን ለብቻ፣ ሞርፊን ለብቻ። ካርቶን ሳይሆን አምፑል። አንገቱ የተነካ አለመኖሩም ይታያል። ቁጥሩ ከመዝገቡ ቀሪ ጋር ከገጠመ ሁለቱም ይፈርማሉ። ካልገጠመ ወጪው ወደ ቤቱ አይሄድም።

ይህን ሁሉ ጣጣ እኛ እንዲህ እንጨርሰዋለን።

«እንዴት አደርሽ የኔ ዓለም?»

«አልሐምዱሊላህ። ፔቲዲን ስንት ነው?»

«ያው ነው።»

«ልክ ነው?»

«አብሽሪ።»

ተፈረመ። ሳጥኑ ሳይነቃነቅ፣ ቁልፉ ከኪስ ሳይወጣ። ደግሞ መተማመን እንጂ ሌላ ምን አለን? የወሎን ሰው «ቆይ ልቁጠርብህ» ማለት ነውር ነው። በዚያ ላይ ወጪዋ ኮምቦልቻ ነው ቤቷ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሐረጎን ሊወርድ ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ እኛ እዚህ ብርጭቆ ስንቆጥር እናርፍዳት?

የርክክብ ገጹ ለብቻው ነው፤ መድኃኒት የሚወጣበት ገጽ ሌላ ነው። ስለዚህ ሥራው ቀላል ነው። ከላይ ያለውን መስመር ታያለህ፣ ከታች ትደግመዋለህ። ገጻችንን ብታዩት ታለቅሳላችሁ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ልክ 2:00 ነው። ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ቢገባም 2:00፣ መብራት ቢጠፋም 2:00። የሳምንቱ ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ፣ በአንድ ዓይነት ዘመምታ። የልፋት ምልክት የሚባል የለበትም። ኦዲተር ይህን ሲያይ ለምን ፊቱ እንደሚጠቁር አይገባኝም።

የችሎታችንን ጥግ ያየነው ግን በአንዲት አምፑል ምክንያት ነው።

ረቡዕ ፋርማሲ ሳጥኑን 12 ሞላልን። ባለ 100 ሚሊግራም ፔቲዲን። እስከ ሐሙስ ማታ ሦስት ወጣ፣ ሦስቱም ተመዘገበ፣ ዘጠኝ ቀረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ሐሙስ ሌሊት 8:20 ላይ አልጋ ቁጥር 7 የተኙት አባት፣ አንጀታቸው የተሰፋው፣ ሕመሙ አላስተኛ አላቸው። ሐኪሙ ለአንድ ጊዜ 50 ሚሊግራም አዘዘ። ነርሷ አምፑሉን ሰበረች፣ ግማሹን ቀድታ ወጋች፣ ሰውየው ተኙ። በካርዳቸው ላይ ጻፈች። መዝገቡ ላይ ልትጽፍ ስትል ከታች አደጋ የደረሰበት ልጅ ገባ። ከዚያ ነጋ።

እንግዲህ ሳጥኑ ውስጥ ስምንት፣ መዝገቡ ላይ ዘጠኝ ሆነ። ያኔውኑ ጠዋት ቢቆጠር የሁለት ደቂቃ ነገር ነበር። «ኧረ የአልጋ 7ን ሳልጽፍ!» ትላለች፣ ትጽፋለች፣ ሻይ ትጠጣለች። እኛ ግን ለእንዲህ ያለ ተራ ነገር አንወርድም። ዓርብ ጠዋት፣ «ዘጠኝ»። ዓርብ ማታ፣ «ዘጠኝ»። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ፣ «ዘጠኝ»። እሑድ ጠዋትም ዘጠኝ። አምስት ርክክብ፣ አሥር ፊርማ። የሌለችውን አምፑል አሥር ጊዜ አየናት። በመሀሉ ለማንም ፔቲዲን አልታዘዘም፣ ሌሎቹ ሕሙማን ቀለል ባለው ማስታገሻ፣ በትራማዶል፣ ተይዘዋል፣ ስለዚህ ሳጥኑን የሚከፍት ምክንያት አልነበረም።

እሑድ ማታ ያልታሰበ ነገር መጣ። አዲስ ተመድባ የመጣች ልጅ «ቁልፉን ስጡኝ» አለች። መጀመሪያ የቀለደች መስሎን ሳቅን። ከፈተችው፤ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ስምንት። ደግማ ቆጠረች። ስምንት።

የፊርማችን ኃይል የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። ፊርማ ማለት «ስረከብ ነበረች፣ ሳስረክብም ነበረች» ማለት ነው። በመዝገቡ መሠረት አምፑሏ ዓርብ ነበረች፣ ቅዳሜም ነበረች፣ እሑድ ጠዋት 2:00 ላይም ነበረች። ስለዚህ የጠፋችው እሑድ ቀን ተረኛ በነበረው ልጅ እጅ ነው። ሐሙስ ሌሊት ቤቱ ተኝቶ ያደረ፣ ፔቲዲን የሚባል ያልነካ ልጅ! አሥር ፊርማ ተባብሮ ጥፋቷን ከሐሙስ እየተቀባበለ አምጥቶ ደጁ ላይ አስቀመጠለት። ከፈረሙት አንዱ ራሱ ስለሆነ «አልነበረችም» ማለት እንኳ አይችልም። እንዲህ ያለ መረዳዳት የት አለ?

አዲሷ ልጅ ግን ባዶ አምፑሎቹን አምጡ አለች። ፋርማሲ አዲስ የሚሰጠው ባዶውን ስንመልስ ነውና ባዶዎቹ በሌላ ሳጥን ይጠራቀማሉ። አራት ሆኑ። መዝገቡ ላይ ከረቡዕ ወዲህ የወጣው ሦስት መስመር ነው። ስለዚህ አምፑሏ አልተሰረቀችም፣ ተሰብራ ሳትጻፍ ቀርታለች። የሕሙማኑን ካርድ አንድ በአንድ ገለጠች። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም፤ አልጋ ቁጥር 7፣ ሌሊት 8:20።

እዚህ ላይ አንድ ባልደረባዬ ታሪክ ሠራ። ከአምፑሉ 50 ሚሊግራም ነው የተሰጠው፤ የቀረው 50 በሁለት ሰው ፊት ነው የሚደፋው፣ ሁለተኛውም ይፈርማል። እሱም ተነስቶ «እኔ ምስክር ሆኜ ልፈርም፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ሐሙስ ሌሊት ኮምቦልቻ ነበር። ከኮምቦልቻ ሆኖ፣ ሐረጎን አሻግሮ፣ ደሴ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የተደፋ አንድ ሚሊሊትር ያየ ዓይን!

ልጅቷ ዓይኑን አላከበረችለትም። ቀጣዩ ባዶ መስመር ላይ የዕለቱን ቀንና ሰዓት ጻፈች፤ «ሐሙስ ሌሊት 8:20 የተሰጠ፣ ሳይመዘገብ የቀረ» አለች። እኛ ብንሆን በሁለቱ መስመር መሀል በደቂቅ ፊደል እንሸጉጠው ነበር። የሌሊቷ ነርስ ተጠርታ የራሷን ፈረመች። የምስክር ቦታው ላይ «ምስክር አልነበረም» ተጻፈ። መዝገባችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አያውቅም። ቆሸሸብን። የቀረችው ግማሽ ገንዳ ውስጥ ገባች፣ ሌላም ቦታ ሄደች፣ አሁን የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ በየርክክቡ ሳጥኑ ተከፍቶ ተቆጠረ። አቤት ድካሙ! ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት። ረቡዕ ማታ፣ ርክክቡ ካለፈ በኋላ፣ ፋርማሲ አራቱን ባዶ ተቀብሎ አራት ሙሉ ሰጠን፤ ሳጥኑ ውስጥ 12 ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ጉሙ እንደ ልማዱ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ልጅቷም ዕረፍት ላይ ነበረች።

የሐሙስ ጠዋት ርክክብ፣ ሰዓት 2:00፣ ፔቲዲን ስምንት ይላል። ሁለት ፊርማ አለበት። ሁለተኛው የኔ ነው።