ሞጆ የደረሰው ሴራሚክ

ጨዋ ሰው ጠፋ የሚል ካለ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። የሴራሚክ ሻጮቻችን ደንበኛን ማስከፋት አይሆንላቸውም። ዕቃው ካለቀ ወር ቢሞላውም ፊትዎ ላይ «የለም» ብለው አያሳፍሩዎትም። ወይ «ያው ነው» ብለው ሌላ ያቀርባሉ፣ ወይ «ሞጆ ደርሷል» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሐውልት ሊቆምላቸው ይገባል ባይ ነኝ፤ ሴራሚኩ ከተገኘ።

ጎረቤቴ ስድስት በስድስት የሆነ ሳሎኗን ልታስነጥፍ ተነሳች። 36 ካሬ ማለት ነው። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ ብዙ ጊዜ በካርቶን አራት ፍሬ ነው፤ 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ሠራተኛው አካፍሎ «25 ካርቶን» አላት። ስሌቱ ልክ ነው። የረሳው ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው አሥር በመቶ ያህል መጨመሩን ብቻ ነው፤ ቢጨምር 28 ይሆን ነበር። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሦስት ካርቶን አነሰ።

ሱቁ ስትመለስ ያ ዓይነት አልቋል። ሻጩ ግን ቅር አላሰኛትም። ሌላ ካርቶን ጎትቶ አወጣና፦ «የኔ እመቤት፣ ያው ነው። ፋብሪካው አንድ፣ ሞዴሉ አንድ።»

እውነቱን ነው፣ ሞዴሉ አንድ ነው። ካርቶኑ ጎን ላይ በትንሹ የታተመችውን የሼድ ቁጥር ማንበብ ደግሞ የተከበረ ነጋዴ ሥራ አይደለም። ሴራሚክ በየዙሩ ሲተኮስ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፤ ፋብሪካው ያቺን ቁጥር የሚጽፈው ለዚህ ነው። ከጎኗ የልክ ቁጥርም አለች። «60» ተብሎ የሚሸጠው አንዱ ዙር 598 ሚሊሜትር፣ ሌላው 600 ሊሆን ይችላል። ሁለት ሚሊሜትር ምን አላት? የጎረቤቴ ሳሎን በአንድ ረድፍ አሥር ፍሬ ይይዛል። አሥረኛው ጋ ሲደረስ ሁለት ሴንቲ ነው፤ መስመሩ ከጎረቤቱ ረድፍ ጋር ተኳርፎ ይጨርሳል። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን አይታይም። ቤት ውስጥ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ሲገባ፣ ሳሎኑ መሃል ሱሪ የተጣፈ ይመስላል። ታዲያ ይህ የሻጩ ጥፋት ነው? የፀሐይዋ ነው እንጂ።

ጎረቤቴ ተጠራጥራ «ትክክለኛውን እጠብቃለሁ» አለች። እዚህ ላይ ነው የጂኦግራፊው ትምህርት የጀመረው። መጀመሪያ ዕቃው ጅቡቲ ነበር። በሳምንቱ ጋላፊን አለፈ። ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገባ፤ ከገባ አልወጣም። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር የተነሳ ሰው እንኳ ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ነበር።

ተንኮለኛ ደንበኛ እንዲህ ያለውን ሊቅ በአንድ ጥያቄ ያስቸግራል፦ «የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ተቆርጧል ወይ?» ተቆርጦ ከሆነ የቀን ቀጠሮ መስጠት ይቻላል። መርከብ ላይ ከሆነ ንግግሩ በሳምንታት ነው። ባንክ ኤልሲው ገና ካልተከፈተ ግን ቀን የሚሰጥ ሰው ነጋዴ ሳይሆን ነቢይ ነው። ጥያቄው ሲቀርብለት የኛ ነቢይ ስልክ ተደወለለት።

ዋናው ውለታው ግን ሳይነግራት የቀረው ነው። ያ የተባረከ ዕቃ ከሞጆ ቢወጣም አዲስ ዙር ነው። ሼዱ እንደ አሮጌው መሆኑ የዕድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሦስት ካርቶን ለማሟላት ወር መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መጠበቅ የሚያዋጣው ሳሎኑን ከነጭራሹ በአዲስ ለሚያስነጥፍ ነው። ለዚያ ነው መሰለኝ ቀብድ የጠየቃት፤ አርቆ አሳቢ ነው።

ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ሱቅ ያገኘችው ልጅ ግን፣ ይቅር ይበለው፣ የንግድ ሥነ ምግባር የሚባል አልፈጠረበትም። የያዘችውን ባዶ ካርቶን አገላብጦ ቁጥሩን አየና «ይሄ ሼድ የለኝም፣ የሚመጣውም ላይገጥም ይችላል» አላት። እዚያው ፊቷ ላይ! ለሁለት አከፋፋዮች ደውሎ ቁጥሩን እያነበበ ጠየቀ፤ አንዱም ጋ የለም። ቀጥሎ ምን ያህል እንዳልተነጠፈና የት እንደሆነ ጠየቃት። የቀረው ከሳሎኑ ወደ ኮሪደሩ የሚወስደው ዳር ነበር። «ያለሽን ሁሉ ሳሎኑ ላይ ጨርሺ። ቁምሳጥን የሚሸፍነው ጋና ኮሪደሩ ላይ ሌላውን ሼድ አድርጊ፤ በሩ ደፍ ላይ ሶግሊያ ካለ ልዩነቱን ማንም አያይም። ግን ልኩን አስለኪ፤ ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ ጎን ለጎን አድርገሽ ቀን ብርሃን ላይ ሳታዪ እንዳትገዢ» አላት። ቀብድ አልጠየቀም፣ ጅቡቲን አላነሳም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ገበያውን ያበላሻል።

የመጀመሪያው ሻጭ ግን አሁንም እየደወለ ይጠይቃታል። ትናንት በደስታ አብስሯታል፦ መኪናው ሞጆን ለቆ ወጥቷል፤ አሁን ዱከም ላይ ጎማ እየቀየረ ነው።